ማሩ እንዳይፈላ፦ ከሲቀላ የማር መጋዘን እስከ ኢፍጣር ማዕድ



በአርባ ምንጭ የታችኛው ከተማ በሲቀላ፣ ዐስር ሶላት ከተሰገደ በኋላ ገበያው መልኩን ይቀይራል። ሙዝና ማንጎ ከተደረደረበት አጠገብ ተምር ይዘረጋል፤ የሳምቡሳ ሊጥ የሚዳምጡ እናቶች ለሽንኩርትና ለምስር ይጣደፋሉ። በዚህ ሰዓት ማር የሚጠይቅም አይጠፋም። ለብርዝ ነው። መግሪብ ሲደርስ በተምር ጾማቸውን ፈትተው አንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ብርዝ የሚያስከትሉ ቤተሰቦች በዚህ ሞቃት ከተማ ብዙ ናቸው።

ማር ሲመርጡ ያገኘናቸው አንዲት እናት ግን ብልቃጡን ወዲያው ወደ ቅርጫታቸው አልከተቱትም። ክዳኑን ከፍተው አሸተቱት፤ ከዚያም ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንሥተው አዩት። ምክንያቱን ጠየቅናቸው። ባለፈው ዓመት ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ማር ገዝተው አስቀምጠው ነበር። በመጀመሪያው ኢፍጣር ዕለት ሲከፍቱት ክዳኑ “ጢስ” ብሎ ተነፈሰ፤ ላዩ አረፋ ይዟል፤ ሽታውም ኮምጣጣ ነው። “ልጆቼን ጠጅ ላጠጣ ነበር እኮ!” አሉን። ያንን ማር ደፉት፤ ልጆቹም በዚያ ምሽት ውሃ ጠጡ።

የእኚህ እናት ጥያቄ የእኛም ጥያቄ ሆነ። በትክክል የተመረተ ማር ለዓመታት ሳይበላሽ ይቀመጣል ይባላል፤ እውነትም ነው። ታዲያ ያ ማር ለምን ፈላ? መልሱን ፍለጋ የሄድነው ከሲቀላ ገበያ ብዙም ወደማይርቅ የአንድ አነስተኛ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን ነው። አባላቱ የሁለት ሃይማኖት ተከታዮች ናቸው፤ ቀፎዎቻቸውም ከቆላው የእርሻ ማሳ አንሥቶ እስከ ጨንቻ ደጋ ድረስ ተበታትነዋል። ቀኑን ሙሉ ከእነርሱ ጋር ውለን የተረዳነው አንድ ነገር ነው፦ ማርን ለገበያ ማዘጋጀት ማለት ከሁሉ በፊት ከውሃ ጋር መታገል ነው።

ንቧ የጀመረችውን ሰው ያበላሸዋል

ንብ ከአበባ የምትቀስመው ፈሳሽ አብዛኛው ውሃ ነው። ወደ ቀፎዋ ወስዳ ከንብ ወደ ንብ እያቀባበለች፣ በክንፏም እያራገበች ውሃውን ታተንነዋለች። ውሃው ከመቶ 20 ወይም ከዚያ በታች ሲደርስ ጉድጓዷን በቀጭን ሰም ትከድነዋለች። ያ የሰም ክዳን የንቧ ማኅተም ነው፤ “ደርሷል” ማለቷ ነው። ክዳን ያልተደረገበት ግን ገና በሥራ ላይ ያለ፣ ያልበሰለ ማር ነው።

በማር ውስጥ በተፈጥሮ እርሾ አለ። ውሃው ትንሽ ከሆነ እርሾው አይነሣም፤ ተኝቶ ይኖራል። ውሃው ሲበዛ ይነቃና ስኳሩን ወደ አልኮልና ወደ ጋዝ ይለውጣል። አረፋውም፣ የክዳኑ ትንፋሽም፣ ኮምጣጣው ሽታም ከዚህ ይመጣል። ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ መስፈርት ለማር የፈቀደው የውሃ መጠን ቢበዛ 20 በመቶ ነው። ይሁን እንጂ 20 በመቶ ለንግድ የተፈቀደ ጣሪያ እንጂ ማሩ እንደማይፈላ ዋስትና አይደለም። ከ17 በመቶ በታች የሆነ ማር በደህና ይቀመጣል። ከ19 በመቶ በላይ የሆነው ግን በውስጡ ያለው እርሾ ጥቂት ቢሆንም እንኳ አንድ ቀን ሊፈላ ይችላል።

እዚህ ላይ የዘመን አቆጣጠሩ ነገር ይገባል። በአገራችን ዋናው የማር ቆረጣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነው። ዘንድሮ ረመዳን በየካቲት ገባ። ስለዚህ ዛሬ ለብርዝ የምንገዛው ማር ከቀፎ ከወጣ ሦስት ወር ገደማ ሆኖታል። ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው በሞቃቷ ሲቀላ ሦስት ወር የቆየ ውሃ የበዛበት ማር እንዴት እንደሚሆን መገመት ቀላል ነው።

መጋዘኑ በር ላይ

ማኅበሩ ማር የሚቀበለው ጠዋት ነው። አባላቱ ማራቸውን ክዳን ባለው ባልዲ ይዘው ይመጣሉ። ዘይት ወይም ነዳጅ የነበረበት ጀሪካን አይገባም፤ ማር ሽታ ይይዛል፤ ቢታጠብም አይለቅም። የቆርቆሮ ባልዲም አይፈቀድም፤ ማር አሲድነት ስላለው የብረቱን ልባጥ ይሸረሽራል።

ጸሐፊው መጀመሪያ የሚጠይቀው ማሩ ከምን ዓይነት ቀፎ እንደተቆረጠ ነው። በባህላዊ ቀፎ ማሩ፣ ዕጩና የአበባው ዱቄት በአንድ እንጀራ ላይ ተቀላቅለው ይገኛሉ። ቆራጩ በሌሊት፣ በጭስ መካከል ሁሉንም በአንድነት ካወጣ፣ የዕጩ ፈሳሽ ማሩ ውስጥ ገብቶ ውሃውን ያበዛዋል፤ ጣዕሙንም ያጠፋዋል። በዘመናዊ ቀፎ ግን የማሩ ክፍል ከዕጩ ተለይቶ ከላይ ይቀመጣል። አናቢው ፍሬሙን አንሥቶ የማሩ ፊት ቢያንስ ሦስት አራተኛው መከደኑን ያያል፤ ካልተከደነ ይመልሰዋል። የሚጠራጠር ካለ ፍሬሙን አግድም ይዞ አንዴ ወደ ታች ይነቀንቀዋል። ጠብታ ከወጣ ማሩ አልደረሰም።

ከዚያ ባልዲው ይከፈታል፤ ማሩም በደረቅ ዱላ ከታች እስከ ላይ ይማሰላል። ይህ ማማሰል ሥራ ለማብዛት አይደለም። ውሃ የበዛበት ማር ቀለል ስለሚል ወደ ላይ ይወጣል፤ ከላዩ ብቻ ቢለካ ውጤቱ ይከብዳል፣ ከታቹ ብቻ ቢለካ ደግሞ ይቀላል። ከተማሰለ በኋላ አንዲት ጠብታ ሪፍራክቶሜትር በሚባል መሣሪያ መስታወት ላይ ይደረጋል። መሣሪያው የእጅ ስንዝር የሚያህል ቱቦ ነው፤ ወደ ብርሃን አንሥተው በአንድ ዓይን ሲያዩት የውሃውን መጠን በመቶኛ ያሳያል።

የአንድ ባልዲ ክርክር

በዋልንበት ቀን ከጨንቻ በኩል የመጡ አንድ አዛውንት ባልዲያቸውን አቀረቡ። ንባቡ 20.6 በመቶ ሆነ። ጸሐፊው “አባቴ፣ ይሄ አይገባም” አላቸው። አዛውንቱ “ልጄ፣ የተከደነውን ብቻ ነው የቆረጥሁት፤ እግዜር ያውቃል!” ብለው ተቆጡ። በዚህ መካከል የማኅበሩ የጥራት ኃላፊ ከውስጥ ወጥታ የተናገረችው ነገር ለእኛም ትምህርት ሆነን።

መሣሪያው የተሠራው በ20 ዲግሪ ሙቀት እንዲያነብ ነው። ሙቀቱን በራሱ የሚያስተካክል ዓይነት አለ፤ የማኅበሩ ግን ያን አያደርግም። ማር ሲሞቅ ብርሃንን የሚሰብርበት መጠን ይቀንሳል፤ መሣሪያውም ይህን እንደ ተጨማሪ ውሃ ይቆጥረዋል። በግምት ከ20 በላይ ለሆነ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከንባቡ ላይ 0.1 መቀነስ ያስፈልጋል። ቴርሞሜትሩ 30 ዲግሪ ያሳይ ነበር። 10 ዲግሪ ልዩነት ማለት 1 በመቶ ነው። የአዛውንቱ ማር እውነተኛ የውሃ መጠን 20.6 ሳይሆን 19.6 ገደማ ነው።

አዛውንቱ ፊታቸው በራ። ኃላፊዋ ግን አልጨረሰችም። 19.6 ለመሸጥ ይፈቀዳል፤ ለማስቀመጥ ግን አይታመንም። ስለዚህ ማሩ በተለየ ምልክት ተጻፈበት፦ ቶሎ የሚሸጥ፣ ከሁለት ሳምንት በላይ መጋዘን የማይቆይ። ከ19 በታች የሆነው ብቻ ለረጅም ጊዜ በሚቀመጥበት ገንዳ ይገባል።

ሁለተኛው ክርክር ከዚህ ከባድ ነበር። አንድ ወጣት አባል 10 ኪሎ ማር አመጣ፤ ከማስተካከያው በኋላ 23 በመቶ ውሃ ሆነ። ወጣቱ ስሌት ያውቃል። “ከዚያ 18 በመቶ ከሆነው 40 ኪሎ ጋር ቀላቅሉት” አለ። ስሌቱን አብረን ሠራን። 40 ኪሎው ውስጥ 7.2 ኪሎ ውሃ አለ፤ 10 ኪሎው ውስጥ 2.3 ኪሎ። ሲደመር 9.5 ኪሎ ውሃ በ50 ኪሎ ማር ውስጥ፤ ይህም ልክ 19 በመቶ ነው። በወረቀት ላይ መስፈርቱን ያልፋል።

ማኅበሩ ግን እምቢ አለ። ምክንያቱም ማሩ ጫፉ ላይ አረፋ መያዝ ጀምሯል፤ እርሾው ነቅቷል፤ ተባዝቷልም። መቀላቀል ውሃውን ያሳንሳል እንጂ እርሾውን አያስወጣም። የነቃውን እርሾ ወደ ደህናው 40 ኪሎ ማስገባት ደግሞ የአራት ሰው ድካም ለአንድ ሰው ስህተት ማስያዝ ነው። ወጣቱ 10 ኪሎውን ይዞ ተመለሰ።

እንዲህ ያለው ማር ብዙውን ጊዜ መጨረሻው ጠጅ ቤት ነው። በአገራችን ከሚመረተው ማር ብዙው የሚሄደው ወደ ጠጅ እንደሆነ የታወቀ ነው፤ ለጠጅ ሰፈፉ ያልወጣለት፣ ያልበሰለም ማር ይገዛል። ይህ በማኅበሩ ውስጥ ጥያቄ አስነሥቷል። ሙስሊም አባላት ማራቸው ለመጠንሰሻ እንዳይሸጥ ይፈልጋሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ የተበላሸውን የሚገዛ ሌላ ገበያ የለም ይላሉ። የደረሱበት ስምምነት ቀላል ነው፤ ማኅበሩ በጋራ ስሙ የሚሸጠው ለማዕድ የሚሆነውን ብቻ ነው፤ የተመለሰው ማር የባለቤቱ ነው። ሃይማኖታዊ ብይኑን ለዑለማዎች እንተወዋለን። ለሙስሊሙ አናቢ ግን ነገሩ ግልጽ ሆኖለታል፦ ጉዳዩ የሚፈታው ከመጋዘኑ በር ሳይሆን ከቀፎው ነው። ያልተከደነውን ካልቆረጠ፣ ወዴት ልሽጠው የሚል ጥያቄም አይገጥመውም።

ከእንጀራው እስከ ብልቃጡ

የተፈቀደው ማር ወደ ውስጠኛው ክፍል ይገባል። እዚያ በር ይዘጋል፤ መስኮቱ ወንፊት አለው። ንብ ሽታውን ተከትላ ከገባች ሥራ ይቆማል።

በፍሬም የመጣው ማር የሰም ክዳኑ በሹካ ይነሣለትና በእጅ በሚዞር ማውጫ በርሜል ውስጥ ይሽከረከራል፤ ማሩ ወደ ዳር ተፈናጥሮ ወደ ታች ይወርዳል፤ እንጀራው ሳይሰበር ወደ ቀፎው ይመለሳል። ከሌላ ቀፎ የመጣው ደግሞ መጀመሪያ ይለቀማል፦ ዕጭ ያለበት ክፍል ይወጣል፤ ጠቆር ያለና የአበባ ዱቄት የበዛበትም ይለያል። የቀረው ንጹሕ እንጀራ ይቆራረጥና በወንፊት ላይ ይቀመጣል፤ በራሱ ክብደትም ይንጠባጠባል። በእጅ አይጨመቅም። ሠራተኞቹ እጃቸውን ከታጠቡ በኋላ ሙሉ በሙሉ ያደርቃሉ። የእጅ እርጥበት፣ ያልደረቀ ባልዲ፣ በእንፋሎት የተሞላ ክፍል፣ ሁሉም ለማሩ ውሃ ናቸው። ማር ከአየር እንኳ ውሃ ይስባል፤ በደጋው ጉም ክዳኑ ሳይገጠም ያደረ ባልዲ ጠዋት ላዩ ቀጥኖ ይገኛል።

ቀጥሎ ማሩ በሁለት ወንፊት ያልፋል፤ አንዱ ሻካራ፣ ሌላው ልም ነው። ጨንቻ ላይ ማሩ በብርድ ስለሚጠጥር ይህ ሥራ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሲቀላ ግን ሙቀቱ ራሱ ያግዛል፤ ማሩ ሳይሞቅ ይወርዳል። መሞቅ ካለበት ባልዲው ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ይቀመጣል፤ ውሃው ከ40 ዲግሪ አይበልጥም። እሳት ላይ የተጣደ ማር ቶሎ ይቀጥንና ያምራል፤ ነገር ግን መዓዛው ይሄዳል፤ ቀለሙ ይጠቁራል። በሙቀት የሚጨምር ኤችኤምኤፍ የተባለ ውሁድም አለ፤ በላቦራቶሪ ሲታይ ማሩ መሞቁን ያጋልጣል።

የተጣራው ማር ከታች ቧንቧ ባለው ገንዳ ውስጥ ክዳኑ ተገጥሞ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይረጋጋል። የአየር አረፋውና የሰም ብናኙ ወደ ላይ ይወጣል፤ ይገፈፋል። ብልቃጡ የሚሞላው ከታች ነው። መለያው ላይ የተቆረጠበት ወር፣ የታሸገበት ቀን፣ ክብደቱና የማኅበሩ አድራሻ ይጻፋል። የተለየ ቁጥርም አለው፤ ቅሬታ ቢመጣ ማሩ ከየትኛው ባልዲ እንደወጣ ይታወቃል።

ክብደቱን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ እንበል። ማር ከውሃ ይከብዳል፤ አንድ ሊትር ማር 1.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ አንድ ኪሎ ማር የሊትር ጠርሙስ አይሞላም፤ 700 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። “ጠርሙሱ ጎድሏል” ብለው የሚከራከሩ ደንበኞች እንዳሉ ሰምተናል፤ ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ግን ነገሩ ያልቃል። በጠርሙስ ሳይሆን በኪሎ መግዛት ለሁለቱም ወገን ይበጃል።

በቤታችን እንዴት እንለየው?

ገበያ ላይ ያገኘናቸው እናት ያደረጉት ትክክል ነበር። መጀመሪያ ማሽተት ነው፤ የፈላ ማር የእርሾና የኮምጣጣ ሽታ አለው። ቀጥሎ ላዩን ማየት ነው። ሲቀዳ የገባ አየር ላዩ ላይ ስስ ነጭ ገለፈት ሊሠራ ይችላል፤ ይህ ሽታ የለውም፤ በማንኪያ ቢገፈፍ ተመልሶ አይመጣም። የሚፈላ ማር አረፋ ግን ቢገፈፍም በማግስቱ ይመለሳል፤ ከሥርም ጥቃቅን አረፋ ይነሣል።

የረጋ ማርን ብዙዎች “ስኳር ተጨምሮበታል” ብለው ይተዉታል። ይህ ስህተት ነው። የትግራይ ነጭ ማርም ሆነ ብዙው የደጋ ማር በተፈጥሮው ይረጋል። ለመፍታት ብልቃጡን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ማቆየት ይበቃል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ ማር ሲረጋ ውሃው ባልረጋው ክፍል ውስጥ ይጠራቀማል። ከሥሩ የረጋ፣ ከላዩ የቀጠነ ማር ካለ ቶሎ መጠቀም ይሻላል።

ክብሪት ነክሮ መለኮስ፣ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ማንጠባጠብ፣ በአውራ ጣት ላይ ማየት የተለመዱ ፈተናዎች ናቸው። የማኅበሩ ኃላፊ በእነዚህ አትተማመንም። የወፈረ የስኳር ሽሮፕም ውሃ ውስጥ ይሰምጣል፤ ክብሪቱም ቢበዛ ማሩ መቅጠኑን እንጂ መጭበርበሩን አይናገርም። ሪፍራክቶሜትሩም ቢሆን ውሃን እንጂ ስኳርን አይለይም። ባዕድ ስኳርን የሚለየው ላቦራቶሪ ነው። ለቤተሰብ የሚቀረው አስተማማኝ መንገድ የአምራቹ አድራሻ ያለበትን ማር ገዝቶ፣ ቅር ቢል ወደዚያው መመለስ ነው።

ስለ ብርዙም እናንሣ። አንድ ስኒ ማር በአራት ስኒ ውሃ ሲበረዝ ማሩን የሚጠብቀው ነገር ሁሉ ይጠፋል፤ እርሾው የሚፈልገውን ውሃ አግኝቷል። እንደ ሲቀላ ባለ ሙቀት ውጭ ያደረ ብርዝ በማግስቱ መፍላት ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ ለኢፍጣር የሚሆነውን በዚያው ቀን ከዐስር በኋላ መበረዝ፣ የተረፈውን ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባት፣ ለሱሑርም ጨርሶ ማዳረስ ነው። አፉ ላይ የሚቆነጥጥ ወይም አረፋ የያዘ ብርዝ ሄዷልና ይደፋ።

አንድ ማሳሰቢያ ለወላጆች፦ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ማር እንዳይቀምስ። ማር ውስጥ ሊኖር የሚችል የባክቴሪያ ዘር ለትልቅ ሰው ጉዳት ባይኖረውም፣ ሕፃን ሆድ ውስጥ ግን በቅሎ ለሕይወት የሚያሰጋ ሕመም ሊያመጣ ይችላል።

ቀኑ መሸ። ከመጋዘኑ ስንወጣ ሙስሊም አባላቱ ለኢፍጣር ይዘጋጁ ነበር። የጥራት ኃላፊዋ ከዚያው ከ18 በመቶው ማር በጆግ በርዛ አመጣችላቸው፤ እርሷ የሌላ እምነት ተከታይ ናት። አዛን ሲሰማ ተምሩ ዞረ፤ ብርዙም ተቀዳ። የጨንቻው አዛውንትም አልሄዱም ነበር፤ ባዶ ባልዲያቸውን አጠገባቸው አድርገው ተቀመጡ። አንድ ብርጭቆ ተሰጣቸው። ቀመሱና “የእኔም በሚቀጥለው እንዲህ ይሆናል” አሉ፤ ከዚያም በጸሐፊው በኩል ዞረው፣ “ቴርሞሜትሩን ግን አትርሳ!”